ባለልጓም ተመን፦ በቋሚውና በተንሳፋፊው መካከል

የምንዛሪ ተመን ማለት አንድ ዶላር በስንት ብር ይገዛል የሚለው ዋጋ ነው። ይህን ዋጋ ማን ይቆርጠዋል ለሚለው ጥያቄ ሦስት መልስ አለ። ሁለቱ በአማርኛ የተለመደ ስም አግኝተዋል፤ መንግሥት ሲቆርጠው «ቋሚ ተመን»፣ ገበያው ሲቆርጠው «ተንሳፋፊ ተመን» እንላለን። ሦስተኛው በእንግሊዝኛ «ማኔጅድ ፍሎት» የሚባለው ነው። ዋጋው እንዲንቀሳቀስ ይፈቀዳል፤ ፍጥነቱን ግን ማዕከላዊ ባንኩ ይይዘዋል። «በአስተዳደር የሚመራ ተንሳፋፊ» ብንለው ይረዝማል፣ ነገሩንም በዓይነ ሕሊና አያሳይም። ስለዚህ «ባለልጓም ተመን» ብለው እመርጣለሁ። በካስማ የታሰረ ፈረስ አለ፣ ሜዳ ላይ የተለቀቀ አለ፣ ልጓም የገባለትም አለ። ባለልጓሙን ፈረስ ጋላቢው ይገታዋል እንጂ የሚሄደው ፈረሱ ራሱ ነው።

ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው ዶላር ሲያጥር ነው። እንበልና በአንድ ሳምንት ቡና ላኪዎችና ከውጭ ሐዋላ የሚደርሳቸው ሰዎች 80 ሚሊዮን ዶላር ወደ ባንክ አመጡ፤ አስመጪዎች ደግሞ 100 ሚሊዮን ፈለጉ። የ20 ሚሊዮኑ ጉድለት አንድ ቦታ ማረፉ አይቀርም።

በቋሚ ተመን ዋጋው ስለማይነቃነቅ ማዕከላዊ ባንኩ 20 ሚሊዮኑን ከክምችቱ አውጥቶ ይሸጣል። ይህ በየሳምንቱ ሲደጋገም ክምችቱ ይሳሳል። ባንኩ መሸጡን ሲቀንስ ወረፋ ይጀመራል፤ ወረፋውን መጠበቅ ያልቻለ አስመጪም ወደ ጥቁር ገበያ ይሄዳል።

በተንሳፋፊ ተመን ክምችቱ አይነካም፤ የሚወጣው ዋጋው ነው። ዶላር ሲወደድ አንዳንዱ አስመጪ ግዢውን ይተዋል፤ ላኪው ደግሞ ለእያንዳንዱ ዶላር ብዙ ብር ስለሚያገኝ ይበልጥ ለመላክ ይነሳሳል። ጉድለቱ በዚህ መንገድ ይዘጋል። ሸክሙ ግን ነዳጅና መድኃኒት ከውጭ የሚገባላት አገር ሸማች ላይ ያርፋል።

በባለልጓም ተመን ሸክሙ ለሁለት ይከፈላል። ባንኩ 10 ሚሊዮኑን ከክምችቱ ይሸጣል፤ የቀረውን 10 ሚሊዮን ዋጋው ጥቂት ከፍ ብሎ ይሸፍነዋል። አስመጪው ዋጋው በአንድ ሌሊት አይዘልበትም፤ ክምችቱም ቶሎ አያልቅም።

የኛው ብር ሦስቱንም መንገድ ሞክሯል። ከ1965 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ 1985 ዓ.ም. ድረስ አንድ ዶላር 2.07 ብር ነበር። በእነዚያ ሃያ ዓመታት ድርቅም ጦርነትም መጥቶ ሄዷል፤ ተመኑ ግን ንቅንቅ አላለም። በ1985 ዓ.ም. መጀመሪያ በአንድ ጊዜ ወደ 5 ብር ወጣ። ካስማ ሲነቀል እንዲህ ነው፤ ለዓመታት የታመቀው በአንድ ቀን ይፈነዳል።

ከዚያ በኋላ ልጓሙ መጣ። ብሔራዊ ባንክ መጀመሪያ በጨረታ፣ ኋላም በባንኮች መካከል በሚደረግ ግብይት አማካይነት ብርን ቀስ በቀስ ዝቅ እያደረገ ሄደ። አንዳንዴም በአንድ ጊዜ ከፍ ያለ ማስተካከያ ያደርግ ነበር፤ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ብር ከዶላር አንጻር 15 በመቶ እንዲቀንስ መደረጉ ይታወሳል። ይሁን እንጂ በ2016 ዓ.ም. ባንኮች ዶላርን 57 ብር ገደማ ሲመነዝሩ፣ ጥቁር ገበያው ላይ ዋጋው የዚያ እጥፍ ያህል ነበር። ተመኑ በስሙ ባለልጓም ቢሆንም፣ ልጓሙ ከመጥበቁ የተነሳ እንደ ካስማ ሆኖ ነበር።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ባንኮች ከደንበኞቻቸው ጋር ተደራድረው ዋጋ እንዲቆርጡ ተፈቀደ። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በዚያው ቀን ዶላርን ወደ 75 ብር ገደማ አወጣው፤ ዓመት ሳይሞላም ከ120 ብር አለፈ። ብሔራዊ ባንክ ግን ጨርሶ ከገበያው አልወጣም፤ በጨረታ ለባንኮች ዶላር ሸጧል። በተግባር ፍጹም ልቅ የሆነ ተመን ብዙ አይገኝም የሚባለው ለዚህ ነው።

እንግዲህ አንባቢ አንድ ተመን ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ ከመግለጫ ይልቅ ከምልክቱ ይለየዋል። በመጀመሪያ የዕለቱን ዋጋ ይይ፤ ለወራት ያው ከሆነ ካስማ አለ። ቀጥሎ ክምችቱን ይይ፤ ዋጋው ጸጥ ብሎ ክምችቱ እየቀለለ ከሄደ ጉድለቱ የሚሸፈነው ከዚያ ነው። በመጨረሻም በባንኩና በጥቁር ገበያው መካከል ያለውን ርቀት ይለካ። ልጓሙ በልኩ ሲያዝ ርቀቱ ጠባብ ነው፤ ርቀቱ ወር በወር እየሰፋ ከሄደ ግን ጋላቢው ፈረሱን ከመምራት አልፎ ማሰር ጀምሯል።