አንድ ዙር የማይበቃው ዛፍ

እ.ኤ.አ. በ1962 የሶቪየት ኅብረት የሳይንስ አካዳሚ መጽሔት አራት ገጽ ብቻ ያላት ጽሑፍ አወጣ። ጸሐፊዎቹ ሁለት የሂሳብ ሊቃውንት ነበሩ፤ ጆርጂ አዴልሰን-ቬልስኪ እና ዬቭጌኒ ላንዲስ። አዴልሰን-ቬልስኪ ከባልደረቦቹ ጋር የሠራው የቼዝ ፕሮግራም ከጥቂት ዓመታት በኋላ የአሜሪካውን የስታንፎርድ ፕሮግራም ገጥሞ 3 ለ 1 ረትቷል፤ በኋለኛው ዕድሜውም ወደ እስራኤል ሄዶ ኖሯል፣ እ.ኤ.አ. በ2014 እዚያው አርፏል። ላንዲስ ደግሞ ይበልጥ የሚታወቀው በዲፈረንሻል እኩልታዎች ጥናቱ ነው። የሁለቱ ስም ዛሬ ኤቪኤል በተባለው የመረጃ ዛፍ ላይ ተጣምሮ ይኖራል። ስለዚህ ዛፍ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚወደሰው ሚዛኑ ነው። የጽሑፏ ትልቁ ቁም ነገር ግን ሌላ ይመስለኛል። ሚዛን ይጠበቅ ማለት ቀላል ነው፤ የተዛባውን ሚዛን የቀረውን ዛፍ ሳይነኩ፣ በተዛባበት ቦታ ብቻ ማቃናት መቻሉ ነው ግኝቱ። ይህም በግልጽ የሚፈተነው ግራ-ቀኝ በሚባለው ሁኔታ ላይ ነው።

መነሻው ችግር ይህ ነው። በመፈለጊያ ዛፍ ላይ እያንዳንዱ ኖድ አንድ ቁጥር ይይዛል፤ ከእሱ የሚያንሱት በግራው፣ የሚበልጡት በቀኙ ይቀመጣሉ። የሚፈልጉትን ለማግኘት ከሥሩ ተነስቶ በየደረጃው አንድ ጊዜ እያነጻጸሩ መውረድ ነው። ቁጥሮቹ አስቀድመው ተደርድረው ከመጡ ግን እያንዳንዱ አዲስ ገቢ ከቀደመው በስተቀኝ ስለሚንጠለጠል ዛፉ ዛፍነቱ ይቀርና ሰንሰለት ይሆናል። ያን ጊዜ ከሚሊዮን ቁጥሮች የመጨረሻውን ለማግኘት ሚሊዮን ንጽጽር ያስፈልጋል። ሁለቱ ሊቃውንት ያወጡት ደንብ በየትኛውም ኖድ ላይ የግራው ክንፍ ከፍታ ከቀኙ ከ1 በላይ እንዳይለይ ያዛል። ደንቡ ከተጠበቀ ሚሊዮን ቁጥር የያዘ ዛፍ ከ28 ደረጃ አያልፍም።

ደንቡ የሚፈርሰው አዲስ ቁጥር ሲገባ ወይም ያለው ሲሰረዝ ነው፤ የሚጠገነውም በማዞር ነው። ወደ ቀኝ ማዞር ማለት የግራው ልጅ ወደ ወላጁ ቦታ ይወጣል፣ ወላጁም የእሱ ቀኝ ልጅ ሆኖ ይወርዳል ማለት ነው። የወጣው ልጅ ቀድሞ በቀኙ ይዞት የነበረው ክንፍ አይጣልም፤ የወረደው ወላጅ በግራው ይረከበዋል። የቁጥሮቹ ቅደም ተከተል አይነካም፣ የሚቀየሩትም ጥቂት ጠቋሚዎች ብቻ ናቸው። ወደ ግራ ማዞር የዚሁ ተቃራኒ ነው።

አሁን አንድ ዛፍ በቅርበት እንይ። ሥሩ 50 ነው፤ በግራው 20፣ በቀኙ 70 አሉ። ከ20 ሥር ደግሞ በግራ 10፣ በቀኝ 30 ተቀምጠዋል። ዛፉ ባለ ሦስት ደረጃ ነው፣ ደንቡንም ያከብራል። አሁን 40 ይግባ። ከ50 ያንሳልና ወደ ግራ፣ ከ20 ይበልጣልና ወደ ቀኝ፣ ከ30ም ይበልጣልና በ30 ቀኝ ያርፋል። ከዚያ ከገባበት ወደ ላይ እየወጣን ከግራው ከፍታ የቀኙን ከፍታ በመቀነስ ሚዛኑን እንለካለን። 30 ላይ 0 ሲቀነስ 1፣ ማለትም -1 ነው፤ ይህ ይፈቀዳል። 20 ላይ 1 ሲቀነስ 2፣ አሁንም -1 ነው። 50 ላይ ግን 3 ሲቀነስ 1፣ +2 ይሆናል። ደንቡ የፈረሰው እዚህ ነው።

ብዙ ጀማሪ ፕሮግራመር እዚህ ላይ ግራው ስለከበደ ወደ ቀኝ ላዙር ይላል። ያዙረው እንበል። 20 ሥር ይሆናል፤ በግራው 10 ብቻ ይቀራል፣ በቀኙ 50 ከነሙሉ ጭነቱ ይንጠለጠላል፤ 30 እና 40 አሁን ከ50 ሥር ናቸውና። የ20 ሚዛን 1 ሲቀነስ 3፣ -2 ሆነ። ችግሩ አልተፈታም፣ ጎን ቀየረ እንጂ። ምክንያቱን ልብ ማለት ያሻል። ወደ ቀኝ ማዞር ዳር ያለውን የግራ ክንፍ አንድ ደረጃ ከፍ ያደርጋል፣ የቀኙን ክንፍ አንድ ደረጃ ያወርዳል፤ በመካከል ያለው ክንፍ ግን ወላጅ ይለውጣል እንጂ ከነበረበት ጥልቀት አይነቃነቅም። በምሳሌያችን የረዘመው ይኸው የመካከሉ ክንፍ ነው፤ ከ20 የሚበልጠው፣ ከ50 የሚያንሰው። እሱን ማንሳት ካልተቻለ ዛፉ አያጥርም።

ድርብ ዙሩ የመጣው ለዚህ ነው። መጀመሪያ 20ን ወደ ግራ እናዞራለን፤ 30 ይወጣል፣ 20 ከነ10 በግራው ይገባል። በዚህ ጊዜ ክብደቱ ከመካከል ወደ ዳር ይሸጋገራል። ቀጥሎ 50ን ወደ ቀኝ እናዞራለን፤ 30 ሥር ይሆናል፣ 40ን ደግሞ 50 በግራው ይረከባል።

```
      50              50             30
     /  \            /  \           /  \
   20    70        30    70       20    50
  /  \            /  \           /     /  \
10    30        20    40       10    40    70
        \      /
        40   10
```

በሦስቱም ሥዕሎች ላይ ቁጥሮቹ ከግራ ወደ ቀኝ ሲነበቡ 10፣ 20፣ 30፣ 40፣ 50፣ 70 ናቸው። የመጨረሻው ዛፍ ከፍታ ደግሞ 3 ነው፤ 40 ከመግባቱ በፊት የነበረው ያው 3። ይህ ዛፍ በትልቅ ዛፍ ውስጥ አንድ ክንፍ ቢሆን ኖሮ፣ ከላይ ያሉት ወላጆች ከፍታው ሲለወጥ ባላዩ ነበርና ጥገናው እዚሁ ያበቃል። ለአንድ ማስገባት አንድ ነጠላ ወይም አንድ ድርብ ዙር ይበቃል የሚባለው ከዚህ ተነስቶ ነው።

የግራ-ቀኝን ሁኔታ ለመለየት ሁለት ቁጥር ማየት በቂ ነው፦ የፈረሰው ኖድ +2፣ የግራ ልጁ -1። ምልክታቸው ከተለያየ ድርብ ዙር ነው፤ የልጁም +1 ከሆነ ነጠላው ይበቃል። ብዙ ጊዜ የሚሳተው ከዙሩ በኋላ ሚዛኑን መመዝገብ ላይ ነው። በ40 ምትክ 25 ገብቶ ቢሆን ዙሩ ያው ነበር፤ ግን 25 ለ20 ቀኝ ልጅ ይሆናል፣ 50 ደግሞ በግራው ባዶ ይቀራል። በ40 ጊዜ የ20 ሚዛን +1፣ የ50 ደግሞ 0 ነው፤ በ25 ጊዜ 20 ወደ 0፣ 50 ወደ -1 ይሄዳል። ሁለቱንም ዝም ብሎ 0 ብሎ የሚመዘግብ ፕሮግራም ለጊዜው ትክክል ይመስላል፤ ስህተቱ የሚወጣው ከብዙ ማስገባት በኋላ ዛፉ ያለ ማስጠንቀቂያ ሲዘም ነው። ስለዚህ ለሙከራ ከእያንዳንዱ ማስገባት በኋላ ከፍታዎቹን ከሥር እስከ ጫፍ እንደ አዲስ ለክቶ ከተመዘገበው ጋር ማስተያየት ይገባል።

ይህን ሁሉ ጣጣ ትቶ ዛፉን አልፎ አልፎ እንደ አዲስ መሥራት አይሻልም ወይ የሚል ይኖራል። መረጃው አንድ ጊዜ ተጭኖ የማይለወጥ ከሆነ ይሻላል። ማስገባትና መፈለግ ሲፈራረቁ ግን እያንዳንዱ ግንባታ ሚሊዮኑን ሁሉ ይነካል፤ ድርብ ዙሩ የሚነካው ሦስት ኖዶችንና ከላይ ያለውን ጠቋሚ ብቻ ነው። ከበድ ያለው ተቃውሞ ቀይ-ጥቁር ከሚባለው ዛፍ ወገን ይመጣል፤ የጃቫው `TreeMap` እና የሊኑክስ ከርነል የመረጡት እሱን ነው። ምርጫቸው ያለ ምክንያት አይደለም። በኤቪኤል ላይ ቁጥር ሲሰረዝ ጥገናው እስከ ሥሩ ደረጃ በደረጃ ሊወጣ ይችላል፤ ቀይ-ጥቁር ለአንድ ስረዛ ከሦስት ዙር አያልፍም። በአንጻሩ ሚሊዮን ቁጥር የያዘ ቀይ-ጥቁር ዛፍ ወደ 40 ደረጃ ሊጠጋ ይችላል። እንግዲህ መሰረዝ የሚበዛበት ሥራ ቀይ-ጥቁርን፣ መፈለግ የሚበዛበት ኤቪኤልን ይመርጣል። ክርክሩ ግን የሚዛኑ ደንብ ምን ያህል ይጥበቅ በሚለው ላይ ነው። ቀይ-ጥቁሩም የመካከሉ ክንፍ ሲረዝምበት የሚያቃናው በእነዚሁ ሁለት ዙሮች ነው፤ መካከሉን ከፍ ለማድረግ አስቀድሞ ወደ ዳር ማውጣት ግድ ነውና።