የአውራ ጣት ምልክት ለአንዳንድ ወጣቶች ለምን ፊት የመንሳት ያህል ይሰማቸዋል?

በእጅ ስልክ መልእክት መለዋወጫዎች ላይ አውራ ጣቱን ቀና ያደረገ እጅ የሚያሳየው ምልክት (👍) በብዙዎች ዘንድ "እሺ"፣ "መልካም"፣ "ጎበዝ" ማለት ነው። ከወጣቶች መካከል ግን ይህ ምልክት ብቻውን ሲመጣላቸው ላኪው ያኮረፈባቸው ወይም ጨዋታውን በአጭሩ የቆረጠባቸው የሚመስላቸው አሉ። ምልክቱን የላከው ሰው አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር አላሰበም። ልዩነቱ ከየት እንደሚመጣ ለመረዳት አንድ ምሳሌ መከተል ይበጃል።

ጎንደር ከተማ የምትማር አንዲት ተማሪ ደባርቅ ላሉት አባቷ በቴሌግራም እንዲህ ስትል ጻፈች እንበል፦ "አባዬ እንዴት አመሻችሁ? የእማዬ ጉልበት ተሻላት ወይ? ፈተናዬን ዛሬ ጨረስኩ። ቅዳሜ በጠዋቱ መኪና እመጣለሁ፤ በጉን ሳልደርስ እንዳትሸጡት!" ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ አንዲት አውራ ጣት መጣችላት፤ ሌላ ምንም የለም።

ልጅቱ የምታየው ይህን ነው፦ የእናቷን ጤና ጠይቃለች፤ መልስ የለም። ፈተና መጨረሷን ተናግራለች፤ "እንኳን ደስ ያለሽ" የሚል የለም። መምጣቷን ነግራለች፤ የደስታ ቃል የለም። አውራ ጣት "አዎ" ወይም "እሺ" ሊባል ለሚችል ነገር ብቻ መልስ ይሆናል። "ተሻላት ወይ?" ለሚለው ጥያቄ "ተሽሏታል" ይሁን "ጥያቄሽን አይቻለሁ" ለይቶ አይናገርም። ስለዚህ ልጅቱ ያልተመለሰላትን በራሷ ግምት ለመሙላት ትገደዳለች። ሰው በጽሑፍ መልእክት ባዶ ቦታ ሲያገኝ ደግሞ ግምቱ ወደ ክፉው ማዘንበሉ የተለመደ ነው፤ "እናቴ ብሳ ይሆን? ወይስ አባቴ ተቀይሞኛል?" ማለት ትጀምራለች።

አባት በበኩላቸው መልእክቱን ያዩት ገብስ ሲወቁ ውለው እጃቸውን ሳይታጠቡ ነው። አነበቡት፤ ደስ አላቸው፤ "ልጅሽ ፈተናዋን ጨርሳ ቅዳሜ ልትመጣ ነው!" ብለው ለባለቤታቸው ጮክ አድርገው ነገሩ። ደስታው በሙሉ የተገለጸው እዚያው ቤት ውስጥ ነው። ወደ ስልኩ የገባው አውራ ጣቱ ብቻ ነው፤ እርሱም በእርሳቸው ዘንድ "አይቼዋለሁ፣ አትስጊ" ማለት ነበር።

በደጋው አገር ሰው ሲያወራ አድማጭ ዝም ብሎ አይቀመጥም። "እህ" ይላል፤ አልፎ አልፎም ትንፋሹን በአጭሩ ወደ ውስጥ እየሳበ "እየሰማሁ ነው፣ ቀጥል" የሚል ምልክት ይሰጣል። እንግዳ ሰው ይህን የትንፋሽ ድምፅ ሲሰማ ሰውየው የደነገጠ ይመስለዋል፤ የአገሬው ሰው ግን "አዎ" መሆኑን ያውቃል። ብዙ ታላላቆች አውራ ጣትን የሚጠቀሙበት በዚህ ትንፋሽ ምትክ ነው። ለብዙ ወጣቶች ደግሞ ያው ምልክት ተቃራኒውን ይናገራል፦ "በቃ፣ ሰምቻለሁ፣ ጨዋታው አልቋል።" አንዱ በሩን ገርበብ አድርጎ የተወው ሲመስለው፣ ሌላው የተዘጋ በር ያያል።

"እሺ" የሚለው ቃል ራሱ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። አማርኛ ተናጋሪ ሁሉ እንደሚያውቀው እሺ ብዙ ዓይነት ነው። ቶሎ የተባለ ሞቅ ያለ እሺ አለ፤ እያንገራገሩ የሚሉት እሺ አለ፤ "እሺ፣ እናያለን" ተብሎ በትሕትና እምቢ የሚባልበት እሺም አለ። እነዚህን የሚለያቸው ፊደሉ ሳይሆን ድምፁና ፊቱ ነው። አውራ ጣት ድምፅም ፊትም የሌለው እሺ ነው። ፈገግታ የሚያሳየው ምልክት ቢያንስ ፊት አለው፤ ልብ የሚያሳየው ደግሞ ስሜቱን በግልጽ ይናገራል።

በዚህ ላይ በአማርኛ የሚጨመር ሌላ ጉድለት አለ። ቋንቋው ለማን እንደሚናገሩ ሳይገልጽ ብዙም አይሄድም። "ደርሶኛል ልጄ"፣ "እሺ ወንድምዓለም"፣ "ይሁን እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ" ሲባል ፍቅሩና አክብሮቱ በመጠሪያውና በግሡ መጨረሻ ላይ ተቀምጧል። አንተ እና እርስዎ፣ ታናሽ እና ታላቅ፣ ዘመድ እና ባዳ ይለያሉ። አውራ ጣት ለቀበሌ ጸሐፊም፣ ለእናትም፣ ለዕቃ አመላላሽም አንድ ነው። ስለዚህ ወጣቱ ለታላቁ ብቻውን ሲልከው ድፍረት፣ ታላቁ ለወጣቱ ሲልከው ደግሞ ባዳነት ሊመስል ይችላል።

የምልክቱ ታሪክ ረጅም አይደለም። ኢሞጂ የሚለው ስም ጃፓንኛ ሲሆን "የሥዕል ፊደል" እንደ ማለት ነው። ፌስቡክ አውራ ጣትን የ"ወደድኩት" ቁልፍ አድርጎ ያወጣው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2009 ነው። በቀጣዩ ዓመት፣ በ2010፣ የዓለም ፊደላትን ለኮምፒውተር የሚመዘግበው ዩኒኮድ ምልክቱን በመዝገቡ ውስጥ አስገባው፤ ከዚያ ወዲህ በየስልኩ የሚገኝ ሆነ። በቁልፍ ስልክ በሚላክ አጭር የጽሑፍ መልእክት የጀመረ ሰው ግን ማሳጠርን የተማረው ከዚያ በፊት ነበር። በአማርኛ ፊደል ሲጻፍ አንድ አጭር መልእክት የሚይዘው 70 ፊደልና ክፍት ቦታ ብቻ ነው፤ በላቲን ፊደል 160 ይይዛል። ከዚያ ያለፈ ጽሑፍ እንደ ሁለተኛ መልእክት ይቆጠራል። ያኔ ማጠር ቁጠባ እንጂ ቅዝቃዜ አልነበረም። በቴሌግራምና በዋትስአፕ ያደገ ወጣት ግን በአንድ ምልክትና በአንድ አንቀጽ መካከል የሚሰማው የዋጋ ልዩነት የለም ማለት ይቻላል፤ በመቶ የሚቆጠሩ ሌሎች ምልክቶችም ከፊቱ ተደርድረውለታል። ከእነዚህ ሁሉ ይህ ደረቁ ሲመጣለት ሆን ተብሎ የተመረጠ ይመስለዋል።

ታዲያ እውነተኛ ኩርፊያ የያዘውን አውራ ጣት ከልማዱ እንዴት መለየት ይቻላል? ከሁሉ የተሻለው መለኪያ የሰውየው የቀድሞ አጻጻፍ ነው። ለሁሉም ሰው፣ ለሁሉም ጉዳይ አውራ ጣት የሚልክ ሰው ዛሬም ቢልከው ምንም አልተለወጠም። ዘወትር "እሺ የኔ ጌታ፣ ሰላም እደር" እያለ የሚጽፍ ወዳጅ ከአንድ ክርክር በኋላ በድንገት ወደ ባዶ አውራ ጣት ቢወርድ ግን ነገር አለው ቢባል ከእውነት አይርቅም። ሁለተኛው የሚታየው ምልክቱ የተቀመጠበት ቦታ ነው። በላኪው መልእክት ጥግ ላይ በትንሹ የተለጠፈ አውራ ጣት "አይቼዋለሁ" እንደ ማለት ስለሚቆጠር ብዙም አይከብድም። ራሱን ችሎ እንደ መልስ የተላከው ግን በቴሌግራም ላይ ጎልቶ ይወጣል፤ ክብደቱም ያንኑ ያህል ነው። በሜሴንጀር ደግሞ አውራ ጣቱ ከመጻፊያው ሳጥን ጎን ስለሚገኝ ሳያስቡት ተነክቶ መሄዱ ብርቅ አይደለም። ለዚህ ሁሉ ቁልፉ ያለው አንድ ጥያቄ ጽፎ መላክ ላይ ነው፤ ከማኩረፍ "ተቀየምሽኝ እንዴ?" ማለት ይቀላል።

ምልክቱ ሥራውን በሚገባ የሚሠራበት ቦታም አለ። በትምህርት ቤት የወላጆች ቡድን ውስጥ "ስብሰባው እሑድ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው" ተብሎ ሲጻፍ ሁለት መቶ ሰው "እሺ" ብሎ ቢጽፍ ማስታወቂያው ራሱ ከእይታ ይጠፋል። እዚያ ላይ አውራ ጣት ለጥፎ ማለፍ ጨዋነት ነው። ችግሩ የሚነሳው ሰው ለሰው በሚጻፍ፣ ልብ በተጨመረበት መልእክት ላይ ነው። ሁሉም ወጣት እንዲህ ይሰማዋል ማለትም ስሕተት ነው፤ ራሳቸው ምልክቱን ሳያስቡ የሚልኩ ወጣቶች በርካታ ናቸው።

የአባትየው ጉዳይ መፍትሔው ቀላል ነው። አውራ ጣቱን ትተው ስልኩ ላይ ያለውን የድምፅ መቅጃ ምልክት በጣታቸው ተጭነው ይዘው "እሰይ ልጄ፣ እናትሽም ተሽሏታል፣ በጉም ይጠብቅሻል" ቢሉና ቢለቁት በአሥር ሰከንድ ያልቃል። የአማርኛ ፊደል መልቀም ለሚያስቸግረው ሰው ይህ ከመጻፍ ይፈጥናል፤ የጎደለውንም ድምፅ ይመልሳል።

ይህ ሁሉ የስሜት ጉዳይ ብቻ ሆኖ አልቀረም። በካናዳ ሳስካችዋን ክፍለ ሀገር አንድ ገበሬ በዚህችው ምልክት ፍርድ ቤት ቆሟል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በመጋቢት 2021 አንድ እህል ገዥ ድርጅት ከ80 ቶን በላይ ተልባ በቡሼል በ17 የካናዳ ዶላር ለመግዛት ውል አዘጋጀ፤ አንድ ቡሼል ተልባ 25 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። የድርጅቱ ተወካይ ውሉን ፈርሞ ፎቶ አነሳውና "እባክህ ውሉን አረጋግጥልኝ" ብሎ ለገበሬው በስልክ ላከለት። ገበሬው አውራ ጣት መለሰ። የማስረከቢያው ወር፣ ኅዳር፣ ሲደርስ የተልባ ዋጋ ወደ 41 ዶላር አሻቅቦ ነበር፤ ተልባውም አልቀረበም።

ገበሬው የተከራከረው "ምልክቱ ውሉ እንደ ደረሰኝ ለማሳወቅ እንጂ ተስማምቻለሁ ለማለት አልነበረም" ሲል ነው። ድርጅቱ በፊርማ ምትክ ወሰደው። በሰኔ 2023 ዳኛው ለድርጅቱ ፈረዱ፤ ገበሬውም ከ82 ሺህ በላይ የካናዳ ዶላር እንዲከፍል ታዘዘ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም በታኅሣሥ 2024 ውሳኔውን አጸና። ዳኛውን ካሳመኗቸው ነገሮች ዋነኛው የሁለቱ የቀድሞ ልማድ ነበር፤ ገበሬው ከዚያ በፊት የተላኩለትን ውሎች "እሺ"፣ "መልካም ነው" በሚሉ አጫጭር ቃላት ብቻ እየመለሰ እህሉን ሲያስረክብ ኖሯል።

በእኛም አገር በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስምምነት በቃልና በጽሑፍ ብቻ ሳይሆን በተለመዱ ምልክቶችም ሊገለጽ እንደሚችል በአንቀጽ 1681 ይደነግጋል። በጽሑፍ መሆን ያለበትን ውል በተመለከተ ግን ሕጉ ጥንቃቄ ያደርጋል፤ ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው በወረቀት ላይ ያሳረፈው የአውራ ጣት አሻራ እንኳ በዳኛ ወይም ለዚሁ ሥልጣን ባለው ሹም ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድደውም። የስልኩን አውራ ጣት ማንም አያረጋግጠውም። ስለዚህ ነጋዴ ለገበሬ "ነጭ ሽንኩርቱን በዚህ ዋጋ ወስጃለሁ" ብሎ ሲጽፍ፣ ገና ያልወሰነ ገበሬ የሚመልሰው "መልእክትህ ደርሶኛል፤ በዋጋው ላይ ነገ በስልክ እንነጋገራለን" የሚል መሆን አለበት። የተስማማ ከሆነም ዋጋውን፣ መጠኑንና የማስረከቢያውን ቀን በፊደል ጽፎ ይላክ።