ከፊል መጠባበቂያ፦ ከአንድ የሄሮን ኪራይ የተወለዱ ፍራንኮች

ከፊል መጠባበቂያ፦ በእንግሊዝኛ ፍራክሽናል ሪዘርቭ፣ በጅቡቲ ባንኮች ፈረንሳይኛ ደግሞ ሬዜርቭ ፍራክሲዮኔር የሚባለው። ባንክ፣ ደንበኞቹ በፈለጉ ጊዜ ሊያወጡት ከሚችሉት ተቀማጭ ውስጥ ጥቂቱን ብቻ በጥሬው ይዞ፣ የቀረውን በብድርና በሌላ ንብረት መልክ የሚያኖርበት አሠራር ነው። «ክፍልፋይ» የሚለው ቃል የሒሳብ ትምህርት ስለሚያስታውስ እዚህ «ከፊል» ተመርጧል።

ጅቡቲ ውስጥ ይህን አሠራር ማስረዳት አንድ ችግር አለው። የአገሩ ሰው በፍራንኩ ይተማመናል፤ ምክንያትም አለው። የጅቡቲ ፍራንክ በ1949 (ዓመተ ምሕረቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከአሜሪካ ዶላር ጋር ሲታሰር አንዱ ዶላር 214.392 ፍራንክ ነበር። ዶላሩ ራሱ ከወረደ በኋላ፣ በ1973፣ ምንዛሪው 177.721 ሆነ፤ ከዚያ ወዲህ ነፃነትም ጦርነትም መጥቶ አልተነቃነቀም። ማዕከላዊ ባንኩ ለሚያወጣው ፍራንክ ሁሉ በጀርባው የውጭ ምንዛሪ ማስቀመጥ ግዴታው ነው። የዘርፉ ሰዎች ይህን «የገንዘብ ቦርድ» ይሉታል። ብር በዓይናቸው ፊት ሲቀልጥ ያዩ ኢትዮጵያውያን «እዚህ አገር ገንዘብ ከባዶ አይፈጠርም» ቢሉ አይገርምም።

ለኖቱ እውነት ነው። ለተቀማጩ ግን አይደለም፤ ልዩነቱን ለማየት አንድ ምሳሌ ሠርተን እንከተል። ሰዎቹና ባንኮቹ የምሳሌ ናቸው፤ ምንዛሪው እውነተኛው ነው።

ሄሮን ውስጥ፣ ኤምባሲዎችና የውጭ ድርጅቶች በሚበዙበት ሰፈር፣ አንድ የውጭ ድርጅት ቪላ ይከራያል። የዓመቱ ኪራይ 10 ሚሊዮን ፍራንክ ነው። ድርጅቱ 56,268 ዶላር ገደማ ያመጣል፣ ዶላሩ በባንክ በኩል ማዕከላዊ ባንክ ይደርሳል፣ በምትኩ 10 ሚሊዮን ፍራንክ ይወጣል። ባለቤቲቱ ገንዘቡን «ሀ» ባንክ ያስቀምጣሉ። እስከዚህ ድረስ ከእያንዳንዱ ፍራንክ ጀርባ ዶላር አለ።

አንድ የትራንስፖርት ሰው ያገለገለ የጭነት መኪና ለመግዛት ከዚሁ ባንክ 8 ሚሊዮን ይበደራል። ብዙ ሰው የሚስተው ነጥብ እዚህ ላይ ነው። ባንኩ ከሴትዮዋ ሒሳብ ምንም አይቀንስም፤ ደብተራቸው አሁንም 10 ሚሊዮን ይላል። ከካዝና ኖት አውጥቶ ለተበዳሪው አይቆጥርም። የሚያደርገው ሁለት መስመር መጻፍ ነው፦ በአንድ በኩል «ከተበዳሪው የምሰበስበው 8 ሚሊዮን»፣ በሌላ በኩል «ተበዳሪው በሒሳቡ ያለው 8 ሚሊዮን»። በዚያች ቅጽበት የባንኩ ተቀማጭ 18 ሚሊዮን ሆነ፤ ካዝናው ውስጥ ያለው ግን ያው 10 ሚሊዮን ነው። አዲሱ 8 ሚሊዮን ከማንም የተወሰደ አይደለም፤ ብድሩ ሲፈረም ተወለደ።

በዕቁብ ይህ አይሆንም። ዕቁብ የደረሰው ሰው የሚወስደው ሌሎች የጣሉትን ነው፤ የጣሉት ሰዎችም ያንን ገንዘብ በዚያው ሳምንት ገበያ ይዘው መውጣት አይችሉም። በባንክ ግን ባለ ቪላዋም ባለ መኪናውም በአንድ ጊዜ «ገንዘብ አለኝ» ይላሉ፤ ሁለቱም ልክ ናቸው፣ ሁለቱም በአንድ ቀን ካልመጡ።

ባለ መኪናው ገንዘቡን ለማሳየት አልተበደረም። መኪናውን ባልባላ ሰፈር ካለ ነጋዴ ይገዛል፤ ነጋዴው ደንበኝነቱ በ«ለ» ባንክ ነው። ስለዚህ «ሀ» 8 ሚሊዮን እውነተኛ ፍራንክ ለ«ለ» ማስተላለፍ አለበት። አሁን «ሀ» በእጁ 2 ሚሊዮን፣ በብድር 8 ሚሊዮን፣ በዕዳ የባለ ቪላዋ 10 ሚሊዮን ይቀረዋል። መጠባበቂያው ከተቀማጩ አንድ አምስተኛ ሆነ ማለት ነው።

የመማሪያ መጻሕፍት ከዚህ በኋላ ሰንሰለቱን በቀላሉ ይቀጥላሉ፦ «ለ» 6.4 ሚሊዮን ያበድራል፣ ሌላው 5.12 ሚሊዮን፣ እንዲህ እያለ የመጀመሪያው 10 ሚሊዮን እስከ 50 ሚሊዮን ተቀማጭ ይሆናል። ቁጥሩ ስህተት የለበትም፤ ግን ጣሪያ ነው እንጂ ትንበያ አይደለም። ባንክ የሚመለስለት የሚመስለው ተበዳሪ ካላገኘ አያበድርም፤ ኪሳራ የሚችል የራሱ ካፒታል ከሌለውም አያበድርም። ጅቡቲ ላይ ደግሞ ሰንሰለቱን ቶሎ የሚቆርጥ ነገር አለ፤ የሚገዛው ዕቃ ሁሉ ማለት ይቻላል ከባሕር ማዶ የሚመጣ መሆኑ።

«ለ» 6.4 ሚሊዮኑን ከዱባይ የአየር ማቀዝቀዣ ለሚያስመጣ ነጋዴ አበደረ እንበል። ነጋዴው ለዱባዩ ሻጭ ፍራንክ አይልክም፤ በፍራንኩ 36,000 ያህል ዶላር ይገዛል። ፍራንኩ ወደ ማዕከላዊ ባንክ ተመልሶ ይሰረዛል፣ ዶላሩ ይሄዳል። ሰንሰለቱ እዚያው ቆመ። አሁን ሒሳቡን እንደምር። ሁለቱ ባንኮች በእጃቸው ያለው 3.6 ሚሊዮን ፍራንክ ነው፤ ከጀርባው 20,256 ዶላር ገደማ አለ። ባለ ቪላዋና መኪና ሻጩ በደብተራቸው ያላቸው ግን 18 ሚሊዮን፣ ወደ 101,000 ዶላር የሚመነዘር ነው። እያንዳንዱ ኖት ሙሉ ዋስትና አለው፤ እያንዳንዱ ተቀማጭ ግን የአንድ አምስተኛ ብቻ። «ፍራንካችን በዶላር የተሸፈነ ነው» የሚለው ሰው ስለ ኪሱ እየተናገረ ነው እንጂ ስለ ባንክ ደብተሩ አይደለም።

ብድሩ ሲከፈል ነገሩ ወደ ኋላ ይሄዳል። ባለ መኪናው በየወሩ ሲከፍል ዕዳውም ተቀማጩም አብረው ይጠፋሉ። ገንዘብ በብድር እንደሚወለድ ሁሉ በክፍያ ይሞታል።

ሁለተኛው ቃል እዚህ ይገባል። እንግሊዝኛው የባንክ «ሩጫ» ይለዋል፤ በአማርኛ «የተቀማጭ ሽሽት» ብንለው ሰዎቹ ለምን እንደሚሮጡም ይነግረናል። «ሀ» ባንክ ጤነኛ ነው፦ መኪናው ይሠራል፣ ተበዳሪው ይከፍላል፣ ሀብቱ ከዕዳው አያንስም። ግን ብድሩ የሚመለሰው በሦስት ዓመት ነው፤ ተቀማጩ የሚጠየቀው በአንድ ጠዋት ነው። በተለመደ ቀን አንዱ ሲያወጣ ሌላው ስለሚያስገባ 2 ሚሊዮኑ ይበቃል። ባለ ቪላዋ ግን በሆነ ወሬ ተነሥተው 3 ሚሊዮን ቢጠይቁ ባንኩ መኪናውን ቆርሶ ሊሰጣቸው አይችልም። ብድሩን ለሌላ ባንክ ለመሸጥ ቢሞክር ገዢው ባንኩ ቸኩሎ እንደሚሸጥ ስለሚያውቅ በርካሽ ይጠይቀዋል፤ ያን ጊዜ ጤነኛ የነበረው ባንክ በእውነት ይከስራል።

በሽሽት ውስጥ ሰው ሞኝ አይደለም። መስኮቱ የሚከፍለው ቀድሞ ለመጣ ስለሆነ፣ ባንኩ ደህና እንደሆነ የሚያምን ሰው እንኳ ሌሎች ይሮጣሉ ብሎ ከገመተ መሮጥ ይሻለዋል። ዳይመንድና ዲቢግ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ይህን በ1983 በሒሳብ አሳዩ፤ በ2022 ከቤን በርናንኪ ጋር ኖቤል የተካፈሉትም በዚሁ መስክ ሥራቸው ነው። ዛሬ ወረፋ እንኳ አያስፈልግም። በመጋቢት 2023 ከካሊፎርኒያው ሲሊከን ቫሊ ባንክ ደንበኞች በአንድ ቀን 42 ቢሊዮን ዶላር ለማውጣት ያዘዙት ባብዛኛው በስልክና በኮምፒዩተር ነበር።

አንዳንዱ በመጋቢት 2024 የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ላይ የደረሰውን እንደ ሽሽት ይጠቅሰዋል። አይደለም። ያን ሌሊት በሲስተም ብልሽት ሰዎች በሒሳባቸው ከነበራቸው በላይ ወሰዱ፤ ባንኩም ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ እንደወጣበት ገልጾ የወሰዱትን መልሱ አለ። በሽሽት ጊዜ ግን «መልስ» የሚባል ሰው የለም፤ የሚወስደው የራሱን ነው።

ሽሽትን የሚያቆመው ውጭ ቆሞ የሚያበድር ሰው ነው። አዲስ አበባ ያለ ጤነኛ ባንክ ጥሬ ገንዘብ ቢያጥረው ብሔራዊ ባንክ በብድሮቹ መያዣነት ብር ሊሰጠው ይችላል፤ ብርን የሚያወጣው እሱ ነውና አያልቅበትም። ዋጋ የለውም ማለት አይደለም፤ ዋጋውን በገበያ የምናየው ነው። የጅቡቲ ማዕከላዊ ባንክ ግን ዶላር ማተም አይችልም። ኖቱን ከሸፈነ በኋላ የሚተርፍ የውጭ ምንዛሪ ካለው እስከዚያ ድረስ ይረዳል፤ ከዚያ ካለፈ ወይ ባንኩን ይተወዋል፣ ወይ የ177.721ን ቃል ይሰብራል። ፍራንኩን ያጸናው ሕግ ራሱ ነው የአዳኙን እጅ ያሰረው።

አርጀንቲና ይህን እስከ መጨረሻው አይታዋለች። ከሚያዝያ 1991 ጀምሮ ገንዘቧ ከዶላር ጋር በሕግ ታስሮ ነበር፤ ፔሶው በ1992 ሲመጣም አንዱ ፔሶ አንድ ዶላር ሆነ፤ ኖቱም በውጭ ምንዛሪ የተሸፈነ። በ2001 ሰው ምንዛሪው አይዘልቅም ብሎ መጠርጠር ሲጀምር ተቀማጩን እያወጣ ወደ ዶላር ዞረ፤ ማዕከላዊ ባንኩ የፈለገውን ያህል አትሞ ማበደር አልቻለም። በታኅሣሥ መጀመሪያ መንግሥት ከሒሳብ የሚወጣውን ጥሬ ገንዘብ በሳምንት በ250 ፔሶ ገደበ። ሰው አደባባይ ወጣ፣ ፕሬዚዳንት ዴ ላ ሩዋ በዚያው ወር 20ኛ ቀን ሥልጣን ለቀቁ፣ በጥር 2002 ምንዛሪው ተፈታ።

በእንዲህ ያለ አገር የአዳኙን ቦታ በከፊል የሚሸፍነው የውጭ እናት ባንክ ነው። የጅቡቲው ቤሴኢኤምኤር ትልቁ ባለድርሻ የፈረንሳዩ ብሬድ ነው፤ ባንክ ኦፍ አፍሪካ ሜር ሩዥም የአንድ ትልቅ ቡድን ልጅ ነው። ይህ ይረዳል እንጂ ግዴታ አይደለም፦ ክሬዲ አግሪኮል በ2002 ሦስት የአርጀንቲና ባንኮቹን ጥሎ ወጥቷል።

ስለዚህ ተቀማጩን ለአንድ ባንክ የሚሰጥ ሰው የፍራንኩን ጽናት ሳይሆን የባንኩን ዓመታዊ ሪፖርት ይይ። በጥሬውና በሌሎች ባንኮች ያለው ገንዘብ በፈለጉ ጊዜ ከሚጠየቀው ተቀማጭ ጋር ሲነጻጸር ስንት ነው? ተቀማጩ ከብዙ ትንንሽ ደንበኛ ነው ወይስ አንዱ ቢወጣ ባንኩን ከሚያናጉ ጥቂት ድርጅቶች? የሚከፍለው ወለድ ከጎረቤት ባንኮች ሁሉ በጣም ከበለጠ፣ ብዙ ጊዜ ትርጉሙ ገንዘብ በአስቸኳይ ያስፈልገዋል ማለት ነው።