የሰቆጣ ጨው ንግድና የነጋዴው ስሌት

የዋግ ከተማ ሰቆጣ ከጥንት ጀምሮ የታወቀች የጨው ገበያ ነበረች። ከአፋር በረሃ ተቆርጦ የሚመጣው አሞሌ፣ ከትግራይ ወገን በአበርገሌ ቆላ አልፎ ወደ ሰቆጣ ይወጣ ነበር። በ1512 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ ጨው ከሚወጣበት አጠገብ ለአንድ ድራም ወርቅ ከመቶ ሃያ በላይ አሞሌ ሲሰጥ፣ ከንጉሡ ሰፈር ሲደርስ ግን ስድስት ወይም ሰባት ብቻ እንደሚሰጥ ጽፏል። ይህን ያነበበ ሰው የጨው ነጋዴ ሁሉ ይከብር ነበር ብሎ ያስባል። ነገር ግን የዋጋው ልዩነት ሁሉ ትርፍ አይደለም፤ ከፊሉን መንገዱ ይበላዋል።

የመንገዱም ወጪ ሁለት ዓይነት ነው። የጨው መግዣ፣ የኬላ ቀረጥና የበቅሎ ቀለብ ጭነቱ በበዛ ቁጥር ይበዛሉ፤ እነዚህ ተለዋዋጭ ወጪዎች ናቸው። የመንገድ መሪና የአሽከሮች ደመወዝና ስንቅ ግን፣ በቅሎዎቹ ሦስትም ሆኑ ስድስት፣ ያው ነው፤ ይህ ቋሚ ወጪ ይባላል።

ለማስረዳት ያህል ቁጥር እናስቀምጥ። ነጋዴው አንዱን ጭነት በ5 ብር ይገዛል፤ ለቀረጥና ለቀለብ 1 ብር ያወጣል፤ ሰቆጣ ላይ በ8 ብር ይሸጣል። እንግዲህ ከየጭነቱ 2 ብር ይተርፈዋል። ለመሪና ለአሽከሮች 12 ብር የሚከፍል ከሆነ፣ 12 ለ2 ሲካፈል 6 ይሆናል። ወጪና ገቢ የሚተካከሉት በስድስት ጭነት ነው ማለት ነው። በአምስት ጭነት 2 ብር ይከስራል፤ በሰባት 2 ብር ያተርፋል።

አሁን የመሪው ክፍያ በ2 ብር ቢጨምር፣ መተካከያው ወደ 7 ጭነት ይወጣል። በመንገድ ላይ አንድ አዲስ ኬላ ቆሞ ከየጭነቱ ግማሽ ብር ብቻ ቢቀበል ግን፣ ከጭነቱ የሚተርፈው 1 ብር ከ50 ይሆንና መተካከያው 8 ይደርሳል። ትንሽ የሚመስለው ቀረጥ ከደመወዙ ጭማሪ ይልቅ የሚጎዳው በየጭነቱ ስለሚደገም ነው። ከስድስቱ ጭነት አንዱን ዝናብ ቢያሟሟውም የሚጠፋው ገቢ 8 ብር ስለ ሆነ፣ ያን ለመተካት የአራት ሌላ ጭነት ትርፍ ያስፈልጋል።

ከዚህ ሁለት የታሪክ ነገሮች ይገለጣሉ። አንደኛው፣ ነጋዴዎች በሲራራ ተሰብስበው መጓዛቸው ሽፍታን በመፍራት ብቻ አለመሆኑ ነው፤ የመሪው ዋጋ ለብዙዎች ሲከፋፈል የእያንዳንዱ መተካከያ ነጥብ ይወርዳል። ሁለተኛው፣ አንድ አህያ ብቻ ያለው ገበሬ ከትልቅ ነጋዴ ጋር በአንድ ገበያ ለመሸጥ መቻሉ ነው። አህያውን ራሱ ስለሚነዳ ደመወዝ አይከፍልም፤ ቋሚ ወጪው ከምንም አይቆጠርም። ነገር ግን ይህ የሚሆነው አዝመራው ከገባ በኋላ ነው። በእርሻ ወራት ቢሄድ የሚቀርበት የእህል ምርት ወጪው ይሆናል።

ስሌቱ ወሰን አለው። በቅሎዎቹ ሲበዙ ሌላ አሽከር ይቀጠራልና ቋሚ የተባለው ወጪ በአንድ ጊዜ ከፍ ይላል። ብዙ ሲራራ በአንድ ቀን ሰቆጣ ቢገባም የጨው ዋጋ ይወድቃል፤ 8 ብሩ 7 ብር ቢሆን መተካከያው ከ6 ወደ 12 ጭነት ይዘላል። ስለዚህ የሰቆጣን የጨው ንግድ ታሪክ የሚጽፍ ሰው፣ በሁለት ገበያ መካከል ያለውን የዋጋ ልዩነት መመዝገብ ብቻ አይበቃውም፤ ከየጭነቱ የተከፈለውንና ለጠቅላላው ጉዞ የተከፈለውን ለይቶ መጠየቅ አለበት።