የኢኮኖሚ ዑደት ምዕራፎችና አመልካቾች

የኢኮኖሚ ዑደት የአንድ አገር ምርት፣ ሥራና ገቢ በየጊዜው ከፍና ዝቅ የሚሉበት ሂደት ነው። ዕድገት ጫፉ ላይ ሲደርስ ማሽቆልቆል ይከተላል፤ ኢኮኖሚው ዝቅተኛውን ነጥብ ካለፈ በኋላም ማገገም ይጀምራል። የምዕራፎቹ ርዝመት ግን እንደ ክረምትና በጋ ቋሚ አይደለም። በመሆኑም ምዕራፉን ለመለየት አመልካቾች ያስፈልጋሉ፤ እነርሱም ቀዳሚ፣ አብሮ ሄያጅና ዘግይቶ ተከታይ ተብለው ይከፈላሉ።

ልዩነታቸው በአሜሪካ የ2007–2009 (እ.ኤ.አ.) ውድቀት በግልጽ ይታያል። ቀዳሚ አመልካች የሆነው የቤት ግንባታ ፈቃድ በ2006 እየቀነሰ ነበር፤ ያልተፈቀደ ቤት ነገ አይሠራምና። አብረው የሚሄዱት፣ ማለትም የተቀጣሪዎች ብዛትና የሕዝቡ ገቢ፣ የኢኮኖሚውን ጫፍ ለመወሰን ያገለግላሉ። የዑደቱን ቀናት የሚወስነው የአገሪቱ ብሔራዊ የኢኮኖሚ ጥናት ቢሮ ጫፉ ዲሴምበር 2007 እንደነበር ያሳወቀው ከአንድ ዓመት በኋላ ነው።

የአክሲዮን ዋጋ ማርች 2009 ላይ ወደ ላይ ተመለሰ፤ ውድቀቱም በጁን አበቃ። የሥራ አጥነት መጠን ግን እስከ ኦክቶበር እየጨመረ 10 በመቶ ደረሰ። አሠሪዎች ገበያ ሲሻሻል መጀመሪያ የነባር ሠራተኞችን ሰዓት ይጨምራሉ እንጂ ወዲያው አይቀጥሩም። ስለዚህ ሥራ አጥነትን ብቻ የተመለከተ ሰው ማገገሙን በወራት ዘግይቶ ያየዋል።

ቀዳሚዎቹም ቢሆኑ በከንቱ የሚያስጠነቅቁበት ጊዜ አለ። በ2022 የአሜሪካ መንግሥት የረጅም ጊዜ ቦንድ ወለድ ከአጭር ጊዜው በታች ወረደ። ይህ የተለመደ የውድቀት ምልክት ቢሆንም፣ በቀጣዩ ዓመት ውድቀት አልመጣም።