ትይዩ ቅይጥ ጥናት በቲቢ ሕክምና ክትትል ላይ

ትይዩ ቅይጥ ጥናት አንድን ጥያቄ በመጠይቅ በተሰበሰበ ቁጥርና በጥልቅ ቃለ መጠይቅ በአንድ ወቅት የሚመረምር የምርምር ንድፍ ነው። ሁለቱ መረጃዎች ለየብቻ ይተነተኑና በመጨረሻ ውጤታቸው ጎን ለጎን ይነበባል። የሳንባ ነቀርሳ (ቲቢ) ሕሙማን መድኃኒታቸውን ለምን እንደሚያቋርጡ ለማወቅ ከሚመረጡ ንድፎች አንዱ ነው። ምክንያቱም ስንት ሰው አቋረጠ የሚለውን መዝገብ ሲመልሰው፣ ለምን የሚለውን የሚመልሰው ራሱ ሕመምተኛው ነው። ይህ መጣጥፍ ንድፉን በአዲስ አበባ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ፣ መርካቶ ውስጥ ባለው የጎጃም በረንዳ ሠፈር ሁኔታ ያያል።

አመጣጥ

የንድፉ ጅማሬ አከራካሪ ነው። ብዙ መማሪያ መጻሕፍት ካምቤልና ፊስክ እ.ኤ.አ. በ1959 ካሳተሙት ጽሑፍ ይነሳሉ። ጽሑፉ አንድን ባሕርይ ከአንድ በላይ በሆነ መንገድ መለካትን ያበረታታ ቢሆንም መለኪያዎቹ ሁሉ በቁጥር የሚሠሩ ስለነበሩ፣ ለቃለ መጠይቅ ቦታ ሰጠ ማለት ያስቸግራል። ሌሎች ኖርማን ዴንዚን እ.ኤ.አ. በ1970 ካስፋፋው «ትራያንጉሌሽን» ከተባለው ሐሳብ፣ ወይም ሳም ሲበር እ.ኤ.አ. በ1973 የመስክ ሥራንና ዳሰሳን ስለማዋሐድ ከጻፈው ይጀምራሉ። ወደ ኋላ ከተሄደ ደግሞ ያሆዳ፣ ላዛርስፌልድና ዛይዝል እ.ኤ.አ. በ1933 ያሳተሙት፣ ሥራ አጥነት ስለጎዳት የኦስትሪያ መንደር ማሪየንታል የተደረገው ጥናት ይገኛል። አጥኚዎቹ ከቤተሰብ ወጪ ስሌት እስከ ሰው አረማመድ ፍጥነት ድረስ በቁጥር መዝግበዋል፤ የነዋሪውንም ታሪክ አዳምጠዋል። ስያሜው ባይኖራቸውም ሥራው ግን የዚሁ ንድፍ ይመስላል። ግሪን፣ ካራቼሊና ግራሃም እ.ኤ.አ. በ1989 ሁለቱን ዘዴዎች የማጣመር አምስት ዓላማዎችን ለዩ። ዛሬ የሚሠራበትን መልክ ያስያዙት በዋናነት ክሬስዌልና ፕላኖ ክላርክ ናቸው ይባላል።

የሕክምናው ሥርዓት

በኢትዮጵያ በቀጥታ ክትትል የሚሰጠው የቲቢ ሕክምና (ዶትስ) እ.ኤ.አ. በ1992 በአርሲና በባሌ ተጀመረ። መድኃኒቱ ለሚሠራላቸው ሕሙማን የተለመደው ሕክምና 6 ወር ይፈጃል፦ 2 ወር በአራት መድኃኒቶች፣ ቀጥሎ 4 ወር በሁለት። ሕክምናውን ለተከታታይ 2 ወር ወይም ከዚያ በላይ ያቋረጠ ሰው «ከክትትል የጠፋ» ተብሎ ይመዘገባል።

በኢትዮጵያ የተሠሩ ጥናቶች

ሁለቱን ዘዴዎች ነጥሎ ለማየት ሁለት ጥናቶች ይጠቅማሉ። የመጀመሪያው ሻርጊና ሊንድቾርን በሆሳዕና ሆስፒታል ያካሄዱት፣ እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመው የቁጥር ጥናት ነው። ከ404 ሕሙማን 81ዱ (20 በመቶ) ሕክምናውን አቋርጠዋል። ከእነዚህም 74ቱ ያቋረጡት በሁለተኛው የሕክምና ምዕራፍ ነው። ከማቋረጥ ጋር ጎልቶ የተያያዘው የቤትና የሕክምናው ቦታ ርቀት ነበር።

ሁለተኛው ሳግባከን፣ ፍሪችና ቢዩኔ በአዲስ አበባ አካሂደው እ.ኤ.አ. በ2008 ያሳተሙት የቃለ መጠይቅ ጥናት ነው። ሕሙማኑ የተናገሩት በአብዛኛው ስለ ኪሎ ሜትር አይደለም። ሥራ ማጣት፣ የትራንስፖርት ወጪ፣ የየዕለቱ ምልልስና ከጤና ባለሙያ ጋር ያለው ግንኙነት ተደራርበው እንደከበዱባቸው ገለጹ።

ጎን ለጎን ሲነበቡ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ያስረዳል። ሕመምተኛውን የሚያደክመው ርቀቱ ብቻ ሳይሆን ርቀቱ የሚጠይቀው ገንዘብና የሥራ ሰዓት ነው ማለት ይቻላል። ሆኖም ሁለቱ በተለያየ ከተማና ዓመት የተሠሩ ስለሆኑ ንጽጽሩ ትይዩ ቅይጥ ጥናት አይደለም። ንድፉ ሁለቱ መረጃዎች ከአንድ ሠፈር፣ በአንድ ወቅት እንዲመጡ ይፈልጋል።

በጎጃም በረንዳ ሲታቀድ

መነሻው የሠፈሩ ሕሙማን የሚታከሙበት ጤና ጣቢያ የቲቢ መዝገብ ነው። የሆሳዕናውን 20 በመቶ እንደ ግምት ይዞ፣ በ95 በመቶ እርግጠኝነትና በ5 በመቶ የስህተት ልክ ሲሰላ የሚያስፈልገው የመጠይቅ ናሙና 246 ሰው ይሆናል። ስሌቱ 1.96² × 0.2 × 0.8 ÷ 0.05² ነው። መዝገቡ ላይ ያለው በጠቅላላ 200 ሕመምተኛ ነው ቢባል ናሙናው ወደ 111 ይወርዳል። ከ111ዱ ያቋረጡት 22 ያህል ብቻ ይሆናሉ፤ ስለዚህ እነርሱን በዕድሜ፣ በሥራና በመኖሪያ ከፋፍሎ ማነጻጸር አያዛልቅም። ቃለ መጠይቁ እዚህ ላይ ይጠቅማል።

ለቃለ መጠይቅ የሚመረጡት በዕጣ አይደለም። ሕክምናውን የጨረሱ፣ መድኃኒት ያጎደሉና ያቋረጡ ሁሉ መኖር አለባቸው። ጥያቄዎቹም ከመጠይቁ ጋር መመሳሰል ይገባቸዋል። መጠይቁ «ባለፉት 4 ቀናት መድኃኒት ያልወሰዱበት ቀን ነበር?» ካለ፣ ቃለ መጠይቁ «መድኃኒቱን ያልወሰዱበትን ቀን ከጠዋት ጀምሮ ይንገሩኝ» ይላል። ጭነት ለማውረድ ማለዳ የወጣ የቀን ሠራተኛ ከጤና ጣቢያው የሥራ ሰዓት ጋር የሚጋጭበት ሁኔታ በዚህ መልስ ውስጥ ይወጣል እንጂ «አዎ» ወይም «የለም» ውስጥ አይታይም።

ጠያቂው መድኃኒቱን የሚሰጠው ነርስ ባይሆን ይመረጣል። መድኃኒት የሚሰጠው ሰው ሲጠይቅ «አላቋረጥኩም» ማለት ይቀላል።

ውጤቱን ማጣመር

የሁለቱ ግኝቶች ግንኙነት አብዛኛውን ጊዜ በአራት ይመደባል፦ መስማማት፣ በከፊል መስማማት፣ መቃረንና ዝምታ። ዝምታ ማለት አንዱ የተናገረውን ሌላው ጭራሽ አለማንሳቱ ነው። የባለሙያ አነጋገር በቃለ መጠይቅ ተደጋግሞ ቢነሳ እንኳ መዝገቡ ለእርሱ ዓምድ የለውም፤ ይህ ዝምታ እንጂ ቅራኔ አይደለም።

ቅራኔ ሲገኝ በሁለቱ መካከል ያለ አማካይ መልስ መፈለግ ስህተት ነው። አንድ ተሸካሚ በመጠይቅ አንድም ቀን አላጎደልኩም ብሎ በቃለ መጠይቅ ሳምንት ሙሉ ክፍለ ሀገር እንደነበረ ቢናገር፣ አጥኚው ወደ ሕክምና ካርዱ ይመለሳል፤ ማን እንደጠየቀውና ስለየትኛው ጊዜ እንደተጠየቀ ያጣራል። ምናልባት ሁለቱም መልሶች እውነት ናቸው፤ አንዱ ስላለፉት 4 ቀናት፣ ሌላው ስላለፈው ወር ሊሆን ይችላል።

ገደቦች

ትልቁ አደጋ ሁለቱ ዘዴዎች በተመሳሳይ መንገድ ሲሳሳቱ ነው። መጠይቁም ቃለ መጠይቁም በጤና ጣቢያው ወረፋ ላይ ካሉ ሰዎች ብቻ ከተወሰዱ፣ ሁለቱም የሚያገኙት የመጣውን እንጂ የቀረውን አይደለም። ውጤታቸው ይስማማል፤ ስምምነቱ ግን እውነተኛነትን አያረጋግጥም። እንደ ጎጃም በረንዳ ባለ፣ የቀን ሠራተኛ በሚገባበትና በሚወጣበት ሠፈር ይህ አደጋ ይበረታል። በአዳር በሚከራይ አልጋ የሚያድር ሰው የቤት ቁጥር ላይኖረው፣ የሰጠው ስልክም የጓደኛው ሊሆን ይችላል።

መፍትሔው ከመዝገቡ «ከክትትል የጠፋ» የተባሉትን ነጥሎ በአድራሻ፣ በስልክና በአስታማሚነት በተመዘገበ ሰው በኩል መፈለግ ነው። ፍለጋው በሽታውን ለጎረቤት ወይም ለአሠሪ እንዳይገልጥ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ወደ ሌላ ጤና ጣቢያ የተዛወረም ከጠፋ ጋር መደመር የለበትም።

የዚህ ዓይነት ጥናት ሪፖርት ያገኘ አንባቢ ሁለቱ ውጤቶች ተስማሙ የሚለውን ከማንበቡ በፊት አንድ ቁጥር መፈለግ አለበት፦ በመዝገቡ ከሰፈሩት ሕሙማን ስንቱ በመጠይቁም በቃለ መጠይቁም እንዳልተገኙ። ይህ ቁጥር ካልተጻፈ ስምምነቱን ማመን አይቻልም።