ፍንጭትና ሸራፋ ጥርስ፦ የቦንዲንግና የቪኒር ታሪክ፣ ዋጋና ዕድሜ

በ1930ዎቹ ጥርሳቸው የተሸረፈ ወይም የተፈነጨ የሆሊዉድ ተዋንያን መላ የሚያገኙት ቻርልስ ፒንከስ ከተባለ የቤቨርሊ ሂልስ የጥርስ ሐኪም ዘንድ ነበር። ፒንከስ ቀጭን የፖርሴሊን ልባስ ይሠራና፣ ተዋናዩ ካሜራ ፊት ከመቆሙ በፊት በሰው ሠራሽ ጥርስ ማጣበቂያ ዱቄት ይለጥፍለታል። ሕፃኗ ተዋናይት ሸርሊ ቴምፕል የወተት ጥርሶቿ ሲወልቁ ክፍተቱ በፊልሙ ላይ እንዳይታይ የሸፈነላት እሱ ነው። ቀረጻው እንዳለቀ ልባሱ ይነሳል። ማጣበቂያው የማኘክን ጉልበት ስለማይችል ምግብ አይበላበትም። በሌላ በኩል ግን ጥርሱ አልተሞረደም፣ አልተቆረጠም፤ ልባሱ ሲነሳ እንደነበረ ይገኛል።

የዛሬዎቹ ሁለት ጥገናዎች የፒንከስን ሐሳብ ቋሚ ለማድረግ ከተደረገው ጥረት የመጡ ናቸው። ቦንዲንግ የሚባለው ሐኪሙ ራሱ ኮምፖዚት የተባለውን ለስላሳ ውህድ ጥርሱ ላይ እየገነባ በብርሃን የሚያጠነክርበት ሥራ ነው። ቪኒር ደግሞ ላቦራቶሪ ውስጥ ተሠርቶ የሚመጣና ከጥርሱ ፊት ላይ የሚለጠፍ ስስ የፖርሴሊን ልባስ ነው። አንዱ ርካሽ ሆኖ ዕድሜው የሚያጥረው፣ ሌላው ተወዶ የሚቆየው ለምን እንደሆነ ለመረዳት ማጣበቂያው ምን ላይ እንደሚይዝ ማወቅ ያስፈልጋል።

ይህን የፈታው ማይክል ቦኖኮሬ ነው። በሮቸስተር፣ ኒው ዮርክ ይመራመር የነበረው ይህ ሰው በኢንዱስትሪ ውስጥ ቀለም ብረት ላይ አጥብቆ እንዲይዝ ብረቱ አስቀድሞ በፎስፎሪክ አሲድ እንደሚታጠብ ያውቅ ነበር። ያንኑ በጥርስ ላይ ሞከረው። በ1955 ባሳተመው ጥናት፣ 85 በመቶ ፎስፎሪክ አሲድ ለ30 ሰከንድ የተቀባ ኢናሜል፣ ማለትም ጠንካራው የጥርስ የላይኛው ሽፋን፣ ከተለጠፈበት አክሪሊክ ጋር ካልተቀባው በብዙ እጥፍ ረዝሞ እንደሚቆይ አሳየ። አሲዱ በኢናሜሉ ላይ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ጉድጓዶች ይከፍታል፤ ፈሳሹ ማጣበቂያ እዚያ ውስጥ ሰርጎ ይደርቅና ሥር ይሰድዳል። ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በ1962፣ ራፋኤል ቦወን ቢስ-ጂኤምኤ የተባለውን ሙጫ ከደቃቅ የሲሊካ ብናኝ ጋር አዋህዶ የዛሬውን ኮምፖዚት መሠረት ጣለ። ሙጫው ቅርጽ ይይዛል፣ ብናኙ ጥንካሬ ይሰጠዋል። ቦንዲንግ የሁለቱ ሰዎች ሥራ ተጣምሮ የወለደው ነው።

አሠራሩን በአንድ ምሳሌ እንየው። ከልጅነቷ ጀምሮ በላይኛዎቹ ሁለት የፊት ጥርሶቿ መካከል 2 ሚሊሜትር ክፍተት ያላት፣ በዚያ ላይ የአንደኛው ጥርስ ማዕዘን የተሸረፈባት የ25 ዓመት ወጣት እናስብ። የምትኖረው አሜሪካ ነው። በእኛ አገር ፍንጭት የውበት ምልክት ሆኖ ሲወደስ የኖረ ነውና፣ የሐኪሙ የመጀመሪያ ጥያቄ መሆን ያለበት ክፍተቱን ጭምር መዝጋት ትፈልግ እንደሆነ ነው። ሸራፋውን ብቻ ጠግኖ ፍንጭቱን መተው ይቻላልና። መዝጋት ትፈልጋለች እንበል።

አሁን ልኬት ይመጣል። የላይኛው የፊት ጥርስ ስፋት በአማካይ 8.5፣ ቁመቱ 10.5 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ስፋቱ ከቁመቱ 80 በመቶ አካባቢ ሲሆን ለዓይን ይስማማል። በእያንዳንዱ ጥርስ ላይ 1 ሚሊሜትር ሲጨመር ስፋቱ 9.5 ይሆንና ወደ 90 በመቶ ይጠጋል፤ ጥርሱ አራት ማዕዘን መምሰል ይጀምራል። ስለዚህ 2 ሚሊሜትር በቦንዲንግ ብቻ ለመዝጋት ወደ ድንበሩ የተጠጋ ክፍተት ነው። ከዚያ ከሰፋ መጀመሪያ ጥርሶቹን በሽቦ ወይም በግልጽ ማስተካከያ ማቀራረብ፣ የቀረውን ትንሽ ክፍተት ብቻ በኮምፖዚት መሙላት ይሻላል። ይህን ልኬት ሳያነሳ ሥራ የሚጀምር ሐኪም እኔን አያሳምነኝም።

የቀለም መረጣው የሚደረገው ከሁሉ በፊት፣ ጥርሱ በምራቅ እርጥብ እንዳለ ነው። የደረቀ ጥርስ ነጥቶ ስለሚታይ ዘግይቶ የተመረጠ ቀለም ማግስቱን ከጎረቤቱ ጥርስ ይለያል። ጥርሷን ማንጣት የምትፈልግ ከሆነም ቀድማ ማንጣት፣ ከዚያም ሁለት ሳምንት ያህል መጠበቅ አለባት። የማንጫው ቅሪት ማጣበቂያውን ያዳክማል፤ ኮምፖዚት ደግሞ አንዴ ከደረቀ በኋላ በማንጫ አይነጣም። ከዚያ ጥርሶቹ በላስቲክ መጋረጃ ከምራቅ ይከለላሉ፣ የተሸረፈው ጠርዝ በትንሹ ይለሰልሳል፣ 37 በመቶ ገደማ የሆነ ፎስፎሪክ አሲድ ከ15 እስከ 30 ሰከንድ ይቀባል። ታጥቦ ሲደርቅ ኢናሜሉ እንደ ጠመኔ ደብዝዞ መንጣት አለበት። ካልነጣ፣ ወይም ከነጣ በኋላ ምራቅ ከነካው፣ አሲዱ እንደገና መቀባት አለበት። ብዙ ቶሎ የሚወልቁ ጥገናዎች የተበላሹት እዚህች ደቂቃ ላይ ነው። ቀጥሎ ማጣበቂያው ይቀባል፣ ኮምፖዚቱ ከ2 ሚሊሜትር በማይበልጥ ውፍረት በድርብርብ እየተጨመረ እያንዳንዱ ድርብ በሰማያዊ ብርሃን ይጠነክራል፣ በመጨረሻም ከሻካራ ወደ ለስላሳ በሚሄዱ ዲስኮች ይወለወላል። አንድ ጥርስ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ይፈጃል። ከጤናማው ጥርስ የሚቀነሰው ከምንም አይቆጠርም።

የኮምፖዚት ድካሙ ከሙጫው ይመጣል። ሙጫው ውሃ ይስባል፣ ላዩ ቀስ በቀስ ይሻክራል፣ ቡና፣ ሻይና እርድ ቀለማቸውን ይተዉበታል። ማዕዘኑ በንክሻ ይሸረፋል። ስለዚህ ዕድሜው አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 7 ዓመት ነው ይባላል፤ በጥንቃቄ የተሠራና የተያዘ ከዚያም ያልፋል።

ፖርሴሊን ቀለም አይጠጣም፣ አይደበዝዝም። ችግሩ ለረጅም ጊዜ ማጣበቂያው ነበር፤ በጥርሱ በኩል ቦኖኮሬ መልስ ሰጥቷል፣ በፖርሴሊኑ በኩል ግን ማንም አልነበረም። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሪቻርድ ሲመንሰንና በኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ጆን ካላሚያ የፖርሴሊኑ የውስጥ ገጽ በሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ሲበላ እሱም እንደ ኢናሜሉ ጉድጓድ እንደሚያወጣ አሳዩ። በሁለቱም በኩል ሥር የሰደደው ሙጫ ልባሱን ከጥርሱ ጋር አንድ አካል አደረገው። የዛሬው ቪኒር የተወለደው ያኔ ነው።

ነገር ግን ልባሱ ቦታ ይፈልጋል። ጥርሱ ወፍሮ እንዳይታይ ከፊቱ ከ0.3 እስከ 0.7 ሚሊሜትር ይሞረዳል። ኢናሜል ደግሞ በጥርሱ ጫፍ አካባቢ 1 ሚሊሜትር ያህል ቢወፍርም በድድ አጠገብ ወደ 0.3 ይሳሳል። በዚያ በኩል ግማሽ ሚሊሜትር የሞረደ ሐኪም ኢናሜሉን አልፎ ዴንቲን የተባለው ለስላሳው ክፍል ላይ ደርሷል ማለት ነው። ዴንቲን እርጥብ ነው፣ ይታጠፋል፣ ሙጫ እንደ ኢናሜል አይዝበትም። ሙሉ በሙሉ ኢናሜል ላይ የተለጠፈ ቪኒር በረጅም ክትትሎች ከመቶው ከዘጠና በላይ የሚሆነው አሥር ዓመት ይቆያል፤ ከ10 እስከ 15 ዓመት የሚባለው ግምት የመጣው ከዚህ ነው። ዴንቲን ላይ ያረፈው ግን ከዚያ በፊት ሊወልቅ ወይም ሊሰነጠቅ ይችላል። የቪኒር ዕድሜ በፖርሴሊኑ ስም ይሸጣል፤ የሚወሰነው ግን በተረፈው ኢናሜል ነው።

ወደ ወጣቷ ሂሳብ እንመለስ። አሜሪካ ውስጥ ቦንዲንግ ለአንድ ጥርስ በግምት ከ300 እስከ 600 ዶላር፣ ፖርሴሊን ቪኒር ከ900 እስከ 2,500 ዶላር ይጠየቅበታል፤ ለውበት ብቻ ከሆነ ኢንሹራንስ አብዛኛውን ጊዜ አይሸፍነውም። ለሁለት ጥርስ ቦንዲንጉ በ400 ሂሳብ 800፣ ቪኒሩ በ1,500 ሂሳብ 3,000 ዶላር ይሆናል እንበል። ቦንዲንጉ በየ7 ዓመቱ ሙሉ በሙሉ ቢታደስ በ30 ዓመት ውስጥ አምስት ጊዜ ይሠራል፤ 4,000 ዶላር። ቪኒሩ በየ15 ዓመቱ ቢቀየር ሁለት ጊዜ ይሠራል፤ 6,000 ዶላር። ብዙ ሰው ቪኒር በዕድሜው ወጪውን ይመልሳል ብሎ ያስባል፣ በዚህ ሂሳብ ግን አይመልስም። የተሸረፈ ኮምፖዚት ደግሞ ሁልጊዜ ሙሉው አይነሳም፤ ላዩ ተሻክሮ አዲስ ይጨመርበታልና እውነተኛው ወጪ ከ4,000ም ሊያንስ ይችላል።

ሌላም በዶላር የማይቆጠር ወጪ አለ። ቪኒር በተቀየረ ቁጥር አሮጌው ተፈጭቶ ሲነሳ ኢናሜል አብሮ ይሄዳል። በ25 ዓመቷ የጀመረች ሴት በ55 ዓመቷ ለሦስተኛው ስትደርስ የሚቀራት ኢናሜል ቪኒር ለመያዝ ላይበቃ፣ ጥርሱን ዙሪያውን የሚያለብስ ክራውን ሊያስፈልጋት ይችላል። ጤናማ ጥርስ ላይ ላለ ትንሽ ሸራፋና ጠባብ ፍንጭት፣ በተለይ ለወጣት፣ የእኔ ምርጫ ያለማወላወል ቦንዲንግ ነው። ቪኒር ቦታው የሚሆነው ስድስት ስምንት ጥርስ አብሮ ሲቀየር፣ ጥርሱ በማንጫ የማይለቅ ጥቁረት ሲኖረው፣ ወይም ፊቱ በአሮጌ ሙሌት ተሞልቶ ኮምፖዚት የሚይዝበት ሲጠፋ ነው።

ከአውሮፓ ወደ ቱርክ ለጥርስ የሚጓዙ ወገኖቻችን አንድ ነገር አጥብቀው ይጠይቁ፦ የሚሠራልኝ ቪኒር ነው ክራውን? ከጥርሴስ ስንት ሚሊሜትር ይወሰዳል? በቪኒር ስም ክራውን እየተሠራላቸው የተመለሱ ሰዎች አሉ። ለክራውን ጥርሱ ዙሪያውን ተሞርዶ ጉቶ ይሆናል፤ ጥርሱ ውስጥ ያለው ነርቭ ከዚያ በኋላ ሊሞት ይችላል። ዋጋው ርካሽ የሚመስለው ይህ ሳይቆጠር ነው።

ማንኛውንም ከማሠራት በፊት ሁለት ነገሮች መታየት አለባቸው። ፍንጭቱ ከልጅነት ያልነበረ፣ በጎልማሳነት የተከፈተ ከሆነ ድዱ ታሞ ጥርሱ እየተንቀሳቀሰ ሊሆን ይችላልና መጀመሪያ የሚታከመው ድዱ ነው። ሰውየው ሌሊት ጥርሱን የሚያፋጭ ከሆነ ደግሞ ኮምፖዚቱም ፖርሴሊኑም አይበረክቱለትም፤ የሌሊት መከላከያ ካላደረገ ሁለቱንም ይሰብራል።

ከተሠራ በኋላ ብልሽቱን መለየት አይከብድም። በመካከል የሚገባው የጥርስ ክር ከተበጣጠሰ ጠርዙ ተነስቷል ወይም ተርፏል። ድዱ እዚያው ቦታ ብቻ ከደማ የኮምፖዚቱ ጫፍ ድዱን እየነካው ነው። በጠርዙ ዙሪያ ቡናማ መስመር ከታየ ቀለም በስንጥቁ ገብቷል፤ መስመሩ ላይ ላዩን ከሆነ በመወልወል ይለቃል፣ ካልለቀቀ ከሥሩ ጥርሱ እየበሰበሰ እንደሆነ መመርመር አለበት። ቪኒር ሳይሰበር ከወለቀ በቤት ሙጫ መልሶ መለጠፍ አይገባም፤ ጠቅልሎ ለሐኪሙ መውሰድ ነው። ሐኪሙ መጀመሪያ የሚያየው ሙጫው የቱ ላይ እንደቀረ ነው። ልባሱ ላይ ቀርቶ ጥርሱ ንጹሕ ከሆነ ማያያዣው የለቀቀው በጥርሱ በኩል ነው፤ ምናልባትም ዴንቲን ላይ አርፎ ነበር። ጥርሱ ላይ ከቀረ ደግሞ ፖርሴሊኑ በአሲድ በደንብ አልተበላም ነበር ማለት ነው፤ ያ ከሆነ ያው ልባስ ተጸድቶ፣ አሲዱ በትክክል ተቀብቶለት፣ ተመልሶ ሊለጠፍ ይችላል።